ብርቅነቱ ለማን ነው?

ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው ሁሉ ገና በመጀመሪያው ዓመት የሚሰማው አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ቦሌ ካፌ በረንዳ ላይ የተቀመጡ አሥር ሰዎች አነጋግራችሁ ስታበቁ «የአዲስ አበባ ነዋሪዎች የታክሲ ሰልፍ አያሳስበንም አሉ» ብላችሁ እንዳትጽፉ። አሥሩም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ መኪና አላቸዋ! ስህተቱ እነሱ በተናገሩት ውስጥ የለም። ያለው እናንተ «ነዋሪዎች» ባላችሁት ቃል ውስጥ ነው።

ሰሞኑን ስለ ዘረመል ምርመራ ሳነብ ከርሜ ያገኘሁት ነገር ቢኖር ይኸው ማስጠንቀቂያ ነው። ልዩነቱ እዚህኛው ታሪክ ውስጥ የሚበላሸው የጋዜጣ ርዕስ ሳይሆን የሰው ልብ፣ የሰው ጡት፣ የሰው ኩላሊት መሆኑ ነው። ተጠርጣሪዋም አንዲት ቃል ናት፤ «ብርቅ» የምትባል። ሐኪም «እርስዎ ላይ ብርቅ የሆነ የዘረመል ለውጥ አግኝተናል» ሲል ቃሉ ራሱ ያስፈራል። ግን ብርቅነቱ ለማን ነው? በማን መካከል ተፈልጎ ነው የታጣው? እስቲ አብረን እንየው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ወንፊቱ

ዘረመላችን ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደላት የተጻፉበት መጽሐፍ ነው እንበል። ማናችንንም ወስዳችሁ ሳይንቲስቶች እንደ መነሻ ከሚጠቀሙበት ቅጂ ጋር ብታነጻጽሩን ከ4 እስከ 5 ሚሊዮን በሚደርሱ ቦታዎች ላይ እንለያለን። ይህ በሽታ አይደለም፤ ሰው መሆን ነው። ከነዚያ ሚሊዮኖች አብዛኞቹ ምንም አያደርጉም። አንዳንዶቹ ቁመትን ወይም የቆዳን ቀለም በጥቂቱ ይነካሉ። እጅግ ጥቂቶቹ ደግሞ ሰው ያሳምማሉ።

የሐኪሙ ችግር እንግዲህ ይህ ነው። አንድ የታመመ ሰው ከፊቱ ተቀምጧል፤ መጽሐፉ ተነቧል፤ ከሚሊዮን ልዩነቶች መካከል ጥፋተኛው የትኛው ነው? ሁሉንም መመርመር አይቻልም። ስለዚህ ወንፊት ያስፈልጋል። የመጀመሪያውና ትልቁ ወንፊትም ብርቅነት ነው። አስተሳሰቡ ቀላልና ትክክል ነው። ከባድ በሽታ ብዙ ሰው ላይ አይታይም፤ ስለዚህ ያንን በሽታ የሚያመጣ ለውጥም ብዙ ጤነኛ ሰው ላይ ሊታይ አይችልም። ለውጡን ከበሽተኛው ላይ ታገኙታላችሁ፤ ከዚያ የተወሰኑ ጤነኛ ሰዎች ሰብስባችሁ ትፈልጉታላችሁ፤ ከጤነኞቹ አንዳቸውም ላይ ካልተገኘ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

አስተውሉ፤ ሐሳቡ ውስጥ ስህተት የለም። ጥያቄው ግን ጤነኞቹ ተሰልፈው የቆሙት ከየትኛው ሰፈር ተጠርተው ነው የሚለው ነው።

በ2019 «ሴል» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ ይህንን ቆጥሮታል። በዘረመልና በበሽታ መካከል ያለውን ዝምድና በሚፈልጉ ጥናቶች ውስጥ እስከ 2018 ከተሳተፉት ሰዎች 78 በመቶው የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ነበሩ። እስያውያን 10 በመቶ፤ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ደግሞ 2 በመቶ ብቻ። ይህ የሆነው አንድ ሰው በክፋት ተቀምጦ ስላቀደው አይደለም። ገንዘቡም፣ ላብራቶሪውም፣ የተደራጀ የሕክምና መዝገቡም እዚያው አውሮፓና አሜሪካ ስለነበር ተመራማሪው በቅርብ ያገኘውን ሰው አጠና። የቦሌው ሪፖርተርም ክፉ ሰው አይደለም፤ ካፌው ለቢሮው ቅርብ ነበር።

በስህተት የተፈረደባቸው ፊደላት

ሃይፐርትሮፊክ ካርዲዮማዮፓቲ የሚባል የልብ ሕመም አለ። የልብ ጡንቻ ያለ ደም ግፊት፣ ያለ ቫልቭ ችግር፣ እንዲሁ ይወፍራል። ከ500 ሰው አንዱን ገደማ ይይዛል ተብሎ ይገመታል። ብዙዎቹ ምንም ሳይሰማቸው ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ። ጥቂቶቹ ግን ልባቸው በድንገት ምቱ ይዛባና ይሞታሉ። ወጣት ስፖርተኛ ሜዳ ላይ ወድቆ ሞተ የሚል ዜና ሲሰማ ሐኪሞች አስቀድመው ከሚጠረጥሯቸው ሕመሞች አንዱ ይህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከወላጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ለውጡን የተሸከመ ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ የማውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው።

በዚህ ምክንያት ለቤተሰብ ሁሉ የዘረመል ምርመራ ይደረጋል። ጥፋተኛው ፊደል አንድ ጊዜ ከታወቀ ወንድም፣ እህት፣ ልጅ ይመረመራሉ። የተገኘበት በየጊዜው የልብ አልትራሳውንድ ይነሣል፤ ከባድ ስፖርት ሊከለከል ይችላል፤ አደጋው ከፍ ያለ ከመሰለ ደግሞ ልብ ሲዛባ በኤሌክትሪክ የሚመልስ መሣሪያ ደረቱ ላይ ከቆዳው ሥር ይቀበርለታል። ያልተገኘበት «አንተ ነጻ ነህ» ተብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በ2016 አርጁን ማንራይ የተባለ ተመራማሪና የሃርቫርድ ባልደረቦቹ «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን» ላይ አንድ ጥናት አወጡ። ያደረጉት ነገር ሲነገር ቀላል ነው። ይህንን የልብ ሕመም ያመጣሉ ተብለው በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ የተፈረደባቸውን ለውጦች ወሰዱ። ከዚያም በሺዎች የሚቆጠሩ ነጭና ጥቁር አሜሪካውያን ዘረመል ባለበት ክፍት የመረጃ ቋት ውስጥ እነዚያን ለውጦች ፈለጉ። ጥቂቶቹ ለውጦች በሽታው ራሱ ካለው ብዛት እጅግ በዝተው ተገኙ። የተገኙትም በይበልጥ ጥቁር አሜሪካውያን ላይ ነበር።

ቁጥሩን እስቲ ራሳችን እናስላው። አንድ ለውጥ ከ100 ጥቁር አሜሪካውያን 3ቱ ላይ ይገኛል እንበል። ይህ ማለት ከ500 ሰው 15ቱ ላይ ነው። በሽታው ግን ከ500 ሰው አንዱን ነው የሚይዘው። ለውጡ እውነት በሽታውን የሚያመጣ ከሆነ የቀሩት 14 በሽተኞች የት ሄዱ? የሉም። እንግዲያው ፊደሉ ብርቱ ጥፋተኛ ሊሆን አይችልም። (አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። በብዛት የሚገኝ ለውጥ ትንሽ አስተዋጽኦ ሊኖረው ይችላል። ብዛቱ ነጻ የሚያወጣው ብቻውን በሽታ ያመጣል ከሚለው ክስ ነው።)

ታዲያ መጀመሪያ እንዴት ተፈረደበት? ከበሽተኞቹ መካከል ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ለንጽጽር የቆሙት ጤነኞች ግን በአመዛኙ ነጮች ነበሩ። በነጮች መካከል ለውጡ የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ 200 ቢጠሩ፣ 500 ቢጠሩ አይገኝም። ቁጥር መጨመር ብቻውን አያድንም። አሁን ከንጽጽሩ ቡድን ውስጥ ጥቁር አሜሪካውያን ቢኖሩስ? በእኛው ምሳሌ 20 ቢኖሩ ለውጡ አንዳቸውም ላይ ሳይታይ የማለፍ ዕድሉ 54 በመቶ ነው። 50 ቢኖሩ ወደ 22 በመቶ ይወርዳል። 100 ቢኖሩ ከ5 በመቶ ያንሳል። ማንራይና ባልደረቦቹም በራሳቸው ስሌት የደረሱበት ይኸው ነው። ጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን እንኳ በንጽጽሩ ውስጥ ቢኖሩ ኖሮ እነዚያ የተሳሳቱ ፍርዶች ላይሰጡ ይችሉ ነበር። አንድ መቶ ሰው! የአንድ ቀበሌ ስብሰባ ያህል እንኳ አይደለም።

ተመራማሪዎቹ በዚህ አላበቁም። በአንድ የታወቀ የዘረመል ምርመራ ላብራቶሪ የዓመታት መዝገብ ውስጥ ገብተው ስንት ሰው በእነዚህ ፊደላት የተነሣ «ተገኝቶብዎታል» እንደተባለ አዩ። በርካታ ሰዎች ነበሩ። ሁሉም ወይ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ወይም ዝርያቸው ያልተመዘገበ ነበሩ። ለውጦቹ ኋላ ላይ ሁሉም «ጉዳት የለሽ» ወደሚለው ሰንጠረዥ ተዛውረዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያስበው ያለምክንያት የተፈራውን ሰው ነው። ልክ ነው፤ ስፖርቱን ያቆመ፣ መሣሪያ የተቀበረለት፣ ልጅ መውለድ የፈራ ሰው ሊኖር ይችላል። እኔን የበለጠ ያስደነገጠኝ ግን ሌላኛው ነው። አንድ ቤተሰብ ውስጥ በሽታው በእርግጥ አለ እንበል። ላብራቶሪው በስህተት ንጹሑን ፊደል ጥፋተኛ ብሎታል። ታናሽ ወንድም ይመረመራል፤ ያ ፊደል የለበትም። «ነጻ ነህ» ይባላል። የልብ ክትትሉ ይቆማል። እውነተኛው ጥፋተኛ ግን ማንም ሳያየው ልቡ ውስጥ ሊኖር ይችላል። የሐሰት ማንቂያ ያስደነግጣል፤ የሐሰት ማረጋጊያ ግን ይገድላል።

«አይታወቅም» ሲሉሽ

ይህንን ሁሉ ለምን ማንበብ ጀመርኩ? ሜሪላንድ የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለች። እናቷ፣ ማለትም አክስቴ፣ የጡት ካንሰር ታማ አዲስ አበባ ታክማለች። ልጅቱም እዚያ ያለችው ሐኪም ባዘዘችላት መሠረት ለጡት ካንሰር የሚያጋልጡ ጂኖችን ተመረመረች። ውጤቱ ሲመጣ «ተገኝቶብሻል» አይልም፤ «የለብሽም» አይልም። «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» ይላል።

ማታ ደወለችልኝ። «አንቺ ጋዜጠኛ አይደለሽ? ይሄ ነገር ምን ማለት ነው? ቢያንስ አዎ ወይም አይደለም ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር» አለች። ድምፅዋ ውስጥ የነበረው ፍርሃት አይደለም፤ ድካም ነው።

ትርጉሙ ይህ ነው። ላብራቶሪው አንድ የፊደል ለውጥ አየ። በሽታ ያመጣል ለማለት ማስረጃ አጣ፤ አያመጣም ለማለትም አጣ። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ማስረጃ ደግሞ እላይ ያየነው ዓይነት ነው፤ ለውጡ ከእሷ ወገን ከሆኑ ጤነኛ ሰዎች ስንቱ ላይ እንደሚገኝ የሚያሳይ ቁጥር። ሰው በደንብ ከተቆጠረበት ሕዝብ የመጣች ሴት ላይ ተመሳሳይ ለውጥ ቢገኝ «ይህማ ከመቶ ሰው ሁለቱ ላይ አለ፤ አያሳስብም» ተብሎ ያልቃል። ባልተቆጠረ ሕዝብ ውስጥ ግን የተለመደው ሁሉ እንግዳ ይመስላል። ለዚህ ነው አውሮፓዊ ያልሆኑ ሰዎች ይህንን «አይታወቅም» የሚል ወረቀት ይዘው የሚወጡት በይበልጥ።

የልቡ ታሪክ ላይ ሐኪሞች ያለ ማስረጃ ፈረዱ። ከዚያ ወዲህ ተጠንቅቀዋል፤ ማስረጃ ከሌለ አይፈርዱም። ጥሩ ነው። ጉድለቱ ግን አልተሞላም፤ ቦታውን ነው የቀየረው። ቀድሞ «ታመሃል» የሚል የተሳሳተ ድምፅ ነበር፤ አሁን ዝምታ ሆነ።

ለአክስቴ ልጅ የነገርኳት ከባለሙያዎች ጽሑፍ ያገኘሁትን ነው፤ ሌላው ሰውም ይጠቅመው ይሆናል። «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» ተብሎ ጡት አይቆረጥም፣ እንቁላል ማምረቻ አይወጣም። ክትትሉ የሚወሰነው በቤተሰብ የበሽታ ታሪክ ነው፤ እናቷ ስለታመመች ለምርመራ ከሌላው ሰው ቀደም ብላ መቅረብ አለባት፤ ወረቀቱ ምንም ይበል ምን። ማስረጃ ሲጨመር እነዚህ ለውጦች እንደገና ይመደባሉ፤ ከሚመደቡትም አብዛኞቹ ጉዳት የለሽ ሆነው ይገኛሉ። ግን አንዳንዶቹ አይሆኑም። ስለዚህ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ጥሎ መርሳት አይሆንም፤ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ መጠየቅ ነው።

ከጥፋተኛው ጋር የሚሄደው ጎረቤት

ሦስተኛው ታሪክ እኛንም በቀጥታ ይነካል። አሜሪካ ውስጥ ጥቁሮች በኩላሊት ድካም ከነጮች እጅግ በበለጠ ይጠቃሉ። ድህነትም፣ ደም ግፊትም፣ ሕክምና ማጣትም ድርሻ አላቸው። የዘረመል ድርሻም እንዳለ ግን ይጠረጠር ነበር። በ2008 ሁለት የምርምር ቡድኖች 22ኛው ክሮሞሶም ላይ ኤም ዋይ ኤች 9 የሚባል ጂን አካባቢ ምልክት አገኙ። የኩላሊት ሕመምተኞቹ ላይ ይበዛል። ጥፋተኛው ተያዘ ተባለ።

እዚህ ላይ «ምልክት» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። እንዲህ ያሉ ጥናቶች የዘረመሉን መጽሐፍ ሙሉ አያነቡም፤ በየገጹ የተወሰኑ ፊደላትን ብቻ ናሙና ያያሉ። ጎረቤታሞች የሆኑ ፊደላት አብረው ስለሚወረሱ አንዱን ማየት ሌላውን እንደማየት ይቆጠራል። ከሌባው ጋር ሁልጊዜ አብሮ የሚሄድ ጎረቤት አለ እንበል። ሌባው በጨለማ ስለማይታይ ጎረቤቱን ባያችሁ ቁጥር ስርቆት አለ። ታዲያ ጎረቤቱን ብትይዙት ይፈረድባችኋል? ሌባውን ለመለየት የሚቻለው ሁለቱ ተለያይተው የሚኖሩበት መንደር ከተገኘ ነው። የተናጠል ሕዝብ ጥናት ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ አብረው የሚሄዱት ፊደላት ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያሉ። አንድ ቦታ የታመነ ምልክት ሌላ ቦታ ምንም አይጠቁምም።

ያ መንደር ደግሞ እኛው ሆንን። በ2006 እስራኤል ውስጥ ሐይፋ ያሉ ተመራማሪዎች አንድ ነገር አስተውለው ጽፈው ነበር። በኤች አይ ቪ ምክንያት የሚመጣ አንድ ልዩ የኩላሊት ሕመም አለ፤ አሜሪካ ውስጥ የሚያጠቃው በአብዛኛው ጥቁሮችን ነው። እነሱ በሚከታተሏቸው ከኢትዮጵያ የመጡ ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች ላይ ግን አልታየም። የተጠረጠረው ኤም ዋይ ኤች 9 ምልክት ግን ኢትዮጵያውያንም ዘንድ ይገኛል። ጎረቤቱ አለ፤ ስርቆቱ የለም።

በ2010 ነገሩ ተፈታ። ይኸው የሐይፋ ቡድንና ቦስተን ያለ ሌላ ቡድን በየፊናቸው እውነተኛውን ጥፋተኛ እዚያው አጠገብ አገኙት። አፖ ኤል 1 የሚባል ጂን ነው። ጂ1 እና ጂ2 የተባሉ ሁለት ለውጦች አሉት። ከእነዚህ ከሁለቱም ወላጆቹ የወረሰ፣ ማለትም ሁለት ቅጂ ያለው ሰው፣ ለኩላሊት ድካም የተጋለጠ ነው። ከጥቁር አሜሪካውያን 13 በመቶ ያህሉ ሁለት ቅጂ አላቸው። ለውጦቹ የበዙት በምዕራብ አፍሪካ ነው፤ ምክንያቱም በቆላ ዝንብ ከሚተላለፈው የእንቅልፍ በሽታ ተውሳክ ጋር በሚደረገው ትግል ደምን ያግዛሉ። በምርመራ በተካተቱት ኢትዮጵያውያን ላይ ግን አልተገኙም። በ2011 የወጣ ጥናትም ኢትዮጵያውያን ከዚያ የኤች አይ ቪ ኩላሊት ሕመም የተጠበቁት በዚሁ የተነሣ መሆኑን አሳይቷል።

እንዴት ቀድሞ ሳይታይ ቀረ? ጂ1 እና ጂ2 አውሮፓውያን ዘንድ የሉም ማለት ይቻላል፤ በጊዜው ይሠራባቸው በነበሩ የናሙና ፊደላት ዝርዝር ውስጥም አልነበሩም። የሚፈለገው ነገር መፈለጊያው ውስጥ ካልተጻፈ እንዴት ይገኛል? የተገኘው «1000 ጂኖምስ» የተባለው ፕሮጀክት ኢባዳን፣ ናይጄሪያ ያሉ የዮሩባ ሰዎችን ዘረመል ሙሉውን አንብቦ ለሁሉም ክፍት ካደረገ በኋላ ነው። ዛሬ ይህንን ጂን የሚያነጣጥር መድኃኒት በሙከራ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው የሰው ላይ ውጤት በ2023 ወጥቷል። ዮሩባዎቹ ባይነበቡ ኖሮ ሰዎች እስካሁን ጎረቤቱን ይዘው እየገረፉ ይሆናል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይወጣል። አንደኛው፣ «አፍሪካዊ» የሚባል አንድ የንጽጽር ቡድን የለም። ዋሽንግተን ያለ ሐኪም አንዲትን ሐበሻ አይቶ «ጥቁር» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ካደረገ በኋላ ምዕራብ አፍሪካ ላይ የተገኘውን አደጋ ቢያሸክማት ተሳስቷል። የሰው ልጅ የዘረመል ልዩነት ከሌላው ዓለም ሁሉ በላይ የበዛው አፍሪካ ውስጥ ነው፤ አንዱ አፍሪካዊ ለሌላው ምስክር አይሆንም። (ይህ ማለት ሐበሻ ኩላሊቱ አይደክምም ማለት እንዳይመስላችሁ። ስኳርና ደም ግፊት ጂ1 አይጠይቁም።)

ሁለተኛው፣ ያው «1000 ጂኖምስ» በ2015 ሥራውን ሲያጠናቅቅ ከ26 ሕዝቦች የተውጣጡ 2,504 ሰዎችን አንብቦ ነበር። ከምሥራቅ አፍሪካ የተካተቱት ኬንያ፣ ዌቡዬ ያሉ የሉህያ ሰዎች ብቻ ናቸው። ኢትዮጵያ የለችም። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያውያን ዘረመል የተነበበባቸው ጥናቶች አሉ። ሆኖም ታዋቂዎቹ የሰው ልጅ ከየት ተነሥቶ በየት በኩል ወጣ የሚለውን ለማወቅ የተሠሩ ናቸው። ስለ ቀደምትነታችን ተጠይቀናል፤ ስለ ልባችንና ስለ ጡታችን ግን ገና።

ወረቀቱ እጃችሁ ሲገባ

ይህ ምርመራ አገራችን ውስጥ ገና የጥቂቶች ነው። ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን ግን ዛሬም እየተመረመሩ ነው፤ ውጤታቸውም በስልክ እዚህ ይደርሳል። ስለዚህ ከንባቤ ያወጣኋቸውን ሦስት ጥያቄዎች ላስቀምጥ።

መጀመሪያ፦ «ይህ ለውጥ ከየትኛው ሕዝብ፣ ስንት ሰው ላይ ተፈልጎ ነው ብርቅ የተባለው?» ላብራቶሪዎች ይህንን ቁጥር ያዩታል፤ ሲጠየቁ ይናገራሉ። መልሱ «ከአውሮፓውያን መካከል» ከሆነ ብርቅነቱ ስለ እናንተ ገና ምንም አልተናገረም። ሁለተኛ፦ «መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የተገመገመው?» ከዓመታት በፊት የወጣ ፍርድ ዛሬ ተሽሮ ሊሆን ይችላል፤ የልቡ ታሪክ ያስተማረው ይህንን ነው።

ሦስተኛው የትኛውንም የመረጃ ቋት አይፈልግም፤ ቤተሰብ ብቻ ነው የሚፈልገው። «ለውጡ በቤተሰባችን ውስጥ ከበሽታው ጋር አብሮ ይሄዳል ወይ?» በሽታው ያለባቸው ዘመዶች ሁሉ ከተሸከሙት ጥርጣሬው ይጠነክራል። በሽታው ያለባት ሰው ከሌለባት ግን ቢያንስ የእሷን በሽታ ያመጣው እሱ አይደለም። አንድ ሰው ብቻውን ሙሉ ፍርድ አያሰጥም፤ ካንሰር ያለ ውርስም ይመጣልና። ቢሆንም ከዝምታ ይሻላል።

የአክስቴ ልጅ ይህንን ለሐኪሟ ነገረቻት። ሐኪሟም የእናቷ ናሙና ቢገኝ ላብራቶሪው ያንኑ አንድ ፊደል ሊያይላቸው እንደሚችል አረጋገጠችላት። ምራቅ ይበቃል። ባለፈው ሳምንት ትንሿ ዕቃ በሰው እጅ መጣች። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ ዙሪያዋን አገላብጣ አየቻትና፣ «ለልጄ ከሆነ ምራቄን ምን አስቆጥቦኝ!» አለች።

መልሱ ገና አልመጣም።